«ሸዋ ሮቢት በጎርፍ ተወሰደች» የተባለው ፎቶ ከየት መጣ? ስለ ማጣራቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ 2017 ላይ በቴሌግራምና በፌስቡክ የዞረ አንድ ፎቶ እንያዝ። ጭቃማ ውኃ፣ ግድግዳው የተገመሰ ቤት፣ እስከ መስኮቱ ደለል የዋጠው ፒክአፕ መኪና፣ ከድልድይ አጥር ላይ ተደግፈው ቁልቁል የሚመለከቱ ሰዎች ይታዩበታል። ከሥሩ «ሰበር! ዛሬ ሌሊት ሮቢ ወንዝ ሞልቶ ሸዋ ሮቢትን አጥለቀለቀ፤ ድልድዩም ተወሰደ። ሼር አድርጉ» የሚል ጽሑፍ አለው። ፖስቱና የፎቶው ዝርዝር የማጣራቱን አካሄድ ለማሳየት የተሰናዱ ናቸው። ቦታዎቹ፣ መሣሪያዎቹና የድሮው የድሬዳዋ ጎርፍ ግን እውነተኛ ናቸው።

በአጭሩ ምን ተገኘ?

ፎቶው የሸዋ ሮቢት አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ከመታ በኋላ የተነሣ ነው። ያ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው የገደለ ነበር። ፎቶው በድጋሚ ሲለጠፍ ግራና ቀኙ ተገልብጧል፣ ከታች በኩል ተከርክሟል፣ መጠኑም በግድ ተለጥጦ ጨምሯል።

ሮቢ በእርግጥ ሞልቶ ከነበረ ፎቶው የየት ቢሆን ምን ለውጥ አለው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚነሣ ነው፣ ትክክለኛም ነው። አጣሪው ሥራ ሲጀምር ጽሑፉን በአንድነት «እውነት ወይስ ሐሰት» ብሎ አይጠይቅም፤ ይገነጣጥለዋል። እዚህ ላይ አራት አባባሎች አሉ። ሮቢ ሞልቷል፣ ከተማው ተጥለቅልቋል፣ ድልድዩ ተወስዷል፣ ፎቶው ይህንኑ ያሳያል። አራቱ በየራሳቸው መንገድ ይጣራሉ፣ የየራሳቸው መልስም ሊኖራቸው ይችላል። በዚህ ጉዳይ ወንዙ መሙላቱ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ውኃው ዳር ያለ ማሳ ወስዷል። ድልድዩ ግን ቆሟል፣ ከተማውም አልተጥለቀለቀም። ፎቶው ደግሞ የሌላ ከተማ፣ የሌላ ዘመን ነው።

ለውጡ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ድልድዩ ተወሰደ» የሚለውን ያመነ ሹፌር ደብረ ብርሃን ላይ ያድራል፤ ደሴ ላይ የጫነውም ጉዞውን ይሰርዛል። ድሬዳዋ ላይ በዚያ ሌሊት ቤተሰቡን ያጣ ሰው ደግሞ የራሱን ሐዘን በሌላ ስም ተለጥፎ ያገኘዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ ፎቶውን መፈለግ ነው?

አይደለም፤ ፖስቱን ማስቀረት ነው። ለጣፊው ጥርጣሬ ሲነሣበት ጽሑፉን ያርማል ወይም ያጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጣራ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ስሙ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የተመልካቹ ቁጥር የሚታይበት ሙሉ ስክሪንሾት ይነሣል፤ ሊንኩ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ከዚያ ገጹ በ`web.archive.org/save` ወይም በ`archive.ph` ይቀረጻል። ፌስቡክ ብዙ ጊዜ ያለ አካውንት ስለማያስገባ ቅጂው የመግቢያ ገጹን ብቻ ይዞ ይቀራል። ተቀርጿል ብሎ ከመሄድ በፊት ቅጂውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የቴሌግራም ቻናል ግን በሚከተለው መልክ ሲጻፍ ያለ አካውንት ስለሚከፈት ለመቅረጽ ይቀላል፦

```
https://t.me/s/የቻናሉ_ስም
```

የቻናሉ ስም በሚለው ቦታ በላቲን ፊደል የተጻፈው የቻናሉ መጠሪያ ይገባል። ፖስቱ ከሌላ ቻናል የተላለፈ ከሆነ ከላይ ምንጩ ተጽፎ ይታያል፤ ያንን ተከትሎ ወደ ኋላ መሄድ ነው። በዚህ ጉዳይ ሦስት ቻናል ወደ ኋላ ሲኬድ መንገዱ ፌስቡክ ላይ ያለ አንድ የግል ገጽ ላይ ቆሟል። ያ ገጽ የመጀመሪያው ነው ለማለት ግን አይቻልም፤ የተገኘው የመጀመሪያው ነው። የማጣራቱ ሪፖርትም እንደዚያው ነው የሚለው።

ፎቶው ውስጥ የተነሣበት ቀንና ቦታ ተደብቆ ይገኛል ይባላል። ለምን እሱን አልተጠቀማችሁም?

ስለሌለ። ካሜራ የሚያስቀምጠው መረጃ ፎቶው በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም በፎቶነት ሲላክ ይራገፋል። የሚተርፈው ፎቶው በቴሌግራም በ«ፋይል» መልክ ከተላከ ወይም ከአንሺው ስልክ በቀጥታ ከተገኘ ነው። ሲገኝም በጥንቃቄ ነው፤ ቀኑ ያልተስተካከለ ካሜራ የተሳሳተ ቀን ይጽፋል።

እኔ በጎግል ፈልጌው ነበር፤ የሌላ አገር ጎርፍ ብቻ አመጣልኝ። እናንተ እንዴት አገኛችሁት?

ጎግል ሌንስ ሙሉውን ፎቶ ሲሰጡት «ይህን የሚመስል» ብሎ ይፈልጋል። ጭቃማ ውኃና የፈረሰ ቤት ደግሞ ዓለም ላይ የሞላ ነው። የፓኪስታኑም፣ የኬንያውም ይመጣል። ከዚህ የሚያወጡ ሁለት ሥራዎች አሉ፤ ሁለቱም ስልክ ላይ በደቂቃዎች የሚያልቁ ናቸው።

አንደኛው መከርከም ነው። በፎቶው ላይ የተጻፈው «ሰበር»፣ የቻናሉ አርማና ጥቁሩ ጠርዝ ፍለጋውን ያሳስታሉ፤ ይወገዱ። ከዚያ ከውኃው ይልቅ ልዩ የሆነው ነገር ብቻውን ይቆረጥ። እዚህ ላይ ልዩ የሆነው የድልድዩ አጥርና አጥሩ ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። ውኃ ሁሉ ይመሳሰላል፤ የድልድይ አጥር ግን የየራሱ ቅርጽ አለው።

ሁለተኛው መገልበጥ ነው፣ ፎቶውን በመስታወት እንደሚያዩት ግራውን ወደ ቀኝ ማዞር። ቆየት ያለ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ይህን የሚያደርገው አንዳንዴ ፍለጋን ለማምለጥ ነው። መገልበጡን የጠቆመው ደለል የዋጠው ፒክአፕ ነበር። በተሰበረው የፊት መስታወት ውስጥ መሪው በመኪናው ቀኝ በኩል ይታያል። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው፣ መሪውም በግራ ነው። ስለዚህ ወይ ፎቶው እንደ ኬንያ በግራ ከሚነዳበት አገር ነው፣ ወይ ተገልብጧል። ይህ ምልክት ብቻውን አያስወስንም፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖች ይገባሉ። ምልክቱ «ገልብጠህ ሞክር» ከማለት አያልፍም። ጽሑፍ ያለበት ማስታወቂያ ወይም ታርጋ ቢኖር ነገሩ በአንድ እይታ ያልቅ ነበር፤ የተገለበጠ የግዕዝ ፊደል ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ምናልባትም ታችኛው ክፍል የተከረከመው የመኪናው ታርጋ እንዳይታይ ይሆናል።

የተገለበጠውና የተከረከመው ቅጂ በአራት ቦታ ተፈለገ፦ በጎግል ሌንስ፣ በያንዴክስ፣ በቢንግና በ`tineye.com`። አንዱ ያላየውን ሌላው ስለሚያይ በአንዱ መተው አይበቃም። ያንዴክስ ሕንፃና መልክዓ ምድር ማመሳሰል ላይ ጎበዝ ነው። ቲንአይ ደግሞ የሚመስለውን ሳይሆን ያንኑ ፎቶ ስለሚፈልግ ውጤቱ ጥቂት ቢሆንም የታመነ ነው፤ ከዚህም በላይ ውጤቱን ከጥንቱ ጀምሮ እንዲደረድር ማድረግ ይቻላል። ሌንስ አንድ የብሎግ ገጽ አመጣ፣ «የድሬዳዋ ጎርፍ 2006» የሚል። ቲንአይ ደግሞ ሦስት ገጾች አመጣ፤ ከነዚህ አንዱ የአንድ የዜና ድርጅት የቆየ የፎቶ ገጽ ነው።

ቀኑን እንዴት እርግጠኛ ሆናችሁ? ብሎጉ 2006 ካለ ጎርፉ ከፖስቱ 11 ዓመት በፊት መሆን የለበትም?

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም እንበል።

«2006» ብቻውን ቀን አይደለም። ብሎጉ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ አንባቢ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ወስዶ ነሐሴ 2006 ቢል፣ በፈረንጅ ኦገስት 2014 ይሆናል። ጸሐፊው ግን ዓመቱን ከውጭ ዜና ቀድቶ እንዳለ አስገብቶታል። ኦገስት 2006 ማለት በእኛ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 ቀን 1998 ነው። በሁለቱ መካከል የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚረሳው ወሩ ያልተጻፈለት ዓመት የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ነው። ወሩም ቀኑም ሲጻፍ ችግሩ ይቀጥላል። «ኦገስት 6»ን «ነሐሴ 6» ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው። ኦገስት 6 ቀን 2006 በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ነው። ሪፖርቱ ቀን በጠቀሰ ቁጥር ሁለቱንም አቆጣጠር የሚጽፈው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመሣሪያዎቹ ቀን አለ። ቲንአይ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የሚያሳየው ቀን ፎቶው የተለጠፈበት ሳይሆን የቲንአይ ማሽን ያንን ገጽ ያገኘበት ነው። ቲንአይ ሥራ የጀመረው ደግሞ በፈረንጅ 2008 ስለሆነ የ2006ን ፎቶ በ2006 ቀን ሊያሳይ ከቶ አይችልም። ፌስቡክም ለማንኛውም ሰው የተከፈተው በሴፕቴምበር 2006፣ ማለትም ከጎርፉ በኋላ ነው፤ ቴሌግራም በ2013 ነው የመጣው። ስለዚህ የዚህ ጎርፍ የመጀመሪያ ዱካ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይፈለግም። የሚፈለገው በዘመኑ በነበሩ የዜናና የእርዳታ ድርጅት ገጾች ላይ ነው። ጎግል ላይ ቀን ገድቦ መፈለግ ይረዳል፦

```
"Dire Dawa" flood after:2006-08-01 before:2006-12-31
```

የከተማዋን ስም በተለያየ አጻጻፍ መሞከር ያስፈልጋል፤ `Diredawa` ብለው የጻፉ አሉ፣ ፈረንሳይኛው ደግሞ `Dire Daoua` ይላል። ጎግልም ቢሆን የገጹን ቀን አንዳንዴ ይገምታል እንጂ አያውቅም፤ ውጤቱ መንገድ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃው የመጣው ከኢንተርኔት ማኅደር ነው። የዜና ድርጅቱ ገጽ አድራሻ በማኅደሩ ውስጥ ሲገባ በ2006 የተቀረጹ ቅጂዎች ተዘርዝረው ይወጣሉ፦

```
https://web.archive.org/web/2006*/የገጹ አድራሻ
```

ቅጂው ሲከፈት ሊንኩ ውስጥ 14 አኃዞች አሉ፤ ለምሳሌ `20060807143000`። ይህ ሲነበብ 2006 ዓመት፣ 08 ወር፣ 07 ቀን፣ 14 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከ00 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ የግሪንዊች ነው፤ ሦስት ሲደመርበት 17፡30 ይሆናል፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ቀኑ ነሐሴ 1 ቀን 1998 ነው፣ ጎርፉ በወረደ ማግሥት ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ማኅደሩ ጽሑፉንና ፎቶውን ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ አይቀርጽም። ገጹ የ2006 ሆኖ ውስጡ የሚታየው ፎቶ ከዓመታት በኋላ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን ብቻውን በአዲስ ታብ ከፍቶ የራሱን 14 አኃዝ ማንበብ ግድ ነው፤ ከአኃዞቹ በኋላ `im_` የሚል ምልክት ይኖራል። ይህን ሳያዩ «በ2006 ነበረ» ብሎ መጻፍ ባላጣሩት ነገር ላይ መማል ነው። በዚህ ጉዳይ የፎቶው አኃዝ ከገጹ ጋር በደቂቃ ብቻ ይለያያል።

የማኅደር ቀን ፎቶው መቼ እንደተነሣ አይናገርም። የሚናገረው በዚያን ቀን ቀድሞ እንደነበረ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን እሱ ይበቃል። በ1998 የነበረ ፎቶ «ዛሬ ሌሊት» በ2017 ሊነሣ አይችልም። የቦታው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የቀኑ ጥያቄ ግን እዚህ ላይ ተዘጋ።

ሁለቱ ፎቶዎች የአንድ ቦታ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ሊሆኑ አይችሉም?

ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚነጻጸረው የማይንቀሳቀሰው አይደለም። ድልድይና ቤት ከ20 ዓመት በኋላም እዚያው ሊገኙ ይችላሉ። የሚነጻጸረው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሊሆን የማይችለው ነገር ነው። ውኃው ከመኪናው ጎን ሲመታ የሠራው የአረፋ ቅርጽ፣ አጥሩ ላይ ከግራ ሦስተኛው ሰው እጁን ራሱ ላይ ያደረገበት ሁኔታ፣ ከጎኑ የቆመችው ሴት ነጠላ በነፋስ የተነሣበት አቅጣጫ፣ የተንሳፈፈው ቢጫ ጀሪካን። አራቱም ከተገለበጠው ቅጂ ጋር በቦታቸው ገጠሙ። ሪፖርቱ ውስጥ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሆነው እነዚሁ ነጥቦች በቁጥር የተከበቡት አንባቢ ራሱ እንዲቆጥራቸው ነው።

መጠኑም ይመሰክራል። የማኅደሩ ፎቶ ትንሽ ነው፣ የዚያን ጊዜ የድረ ገጽ ፎቶ እንደነበረው ወርዱ ከ500 ፒክስል የማይበልጥ። ፌስቡክ ላይ ያለው ወርዱ ከ1000 በላይ ቢሆንም ሲያጎሉት የሰዎቹ ፊት ሣጥን ሣጥን ይሆናል። ትልቁ ከትንሹ ተለጥጦ ነው የመጣው። የዛሬ ስልክ ያነሣው ቢሆን ጀሪካኑ ላይ ያለው እጀታ ጥርት ብሎ በታየ ነበር።

ገጹ ድሬዳዋ አለ ማለት ድሬዳዋ ነው ማለት ነው? የዜና ድርጅትም ይሳሳታል።

ይሳሳታል። ስለዚህ ቦታው ለብቻው ይጣራል።

ሸዋ ሮቢትና ድሬዳዋ በፎቶ መምታታታቸው አይገርምም። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 እስከ 1,300 ሜትር ላይ የሚገኙ ቆላ ከተሞች ናቸው፤ ግራሩም፣ አሸዋማው የወንዝ ዳርም፣ ቆርቆሮ ቤቱም ይመሳሰላል። የጎርፋቸው ጠባይ እንኳ አንድ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደብረ ሲናና ጣርማ በር ላይ የጣለው ዝናብ ገደሉን ወርዶ ሮቢን ይሞላዋል። ድሬዳዋም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከደንገጎ በኩል ካለው ከፍታ የወረደው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ በሚከርመው ደቻቱ በኩል ሌሊት ደረሰ። ስለዚህ «ውኃው የሮቢን አይመስልም» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ይመስላል። የደብረ ብርሃን በሬሳ ቢባል ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ 2,800 ሜትር ላይ እንዲህ ያለ የቆላ ዛፍ አይበቅልም።

የለየው ከተማው ነው። ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላል፣ ከዚራ በአንድ በኩል፣ መጋላ በሌላው። ስለዚህ ወንዙን ተሻግረው ካዩ በሁለቱም ዳር ጥቅጥቅ ያለ ከተማ ነው። ፎቶውም ላይ በሁለቱም በኩል ቤት በቤት ላይ ነው። ቀጥሎ ጎግል ኧርዝ ፕሮ ተከፍቶ ድልድዩ ተፈለገ፤ የድልድዩ አቅጣጫ፣ ከጀርባው ያለው ባለ ፎቅ ሕንፃና የተራራው መስመር ከፎቶው ጋር ተስተያየ። ፎቶው ወደ ትክክለኛ አቅጣጫው ሳይመለስ ቢሆን ኖሮ ሕንፃው በተቃራኒው ዳር ይወድቅ ነበር። የተገለበጠ ፎቶ ይዞ ቦታ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊደክም የሚችለው ለዚህ ነው።

ሌላው ምልክት የሌለ ነገር ነው። ከ1998ቱ ጥፋት በኋላ በደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ፎቶው ላይ ግንብ የለም፤ ዳሩ ተደርምሶ ቤቱ በቀጥታ ወንዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ድሬዳዋን ከዚያ ወዲህም ጎርፍ አግኝቷታል፣ ስለዚህ የግንቡ አለመኖር ከኋለኞቹ ይለየዋል። ከማኅደሩ ቀን ጋር ሲደመር ነገሩ ይጸናል።

በሳተላይት ማየት አይቀልም ነበር?

ለእንዲህ ዓይነቱ ጎርፍ አይሆንም። በነጻ የሚገኘው የሴንቲኔል 2 ፎቶ በየአምስት ቀኑ አንዴ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ደመና ይሸፍነዋል። በራዳር የሚያየው ሴንቲኔል 1 ደመናውን ያልፋል፤ ነገር ግን ከገደል የሚወርድ ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ ስለሚያልፍ ሳተላይቱ ሲደርስ ውኃው ሄዷል። አዋሽ ዳር ለሳምንታት የሚተኛ ውኃ ከሆነ ግን ሁነኛ መሣሪያ ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይስ ማን ተጠየቀ?

መጀመሪያ የትኛው ሰሜን ሸዋ እንደሆነ መለየት አለ። በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነ ሰሜን ሸዋ አለ፤ በኦሮሚያ ዋና ከተማው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋም አለ። «ሮቢት» የሚባልም አንድ ብቻ አይደለም፤ ቆቦ በኩልም ሮቢት አለ። «ሮቢት በጎርፍ ተመታ» የሚል ወሬ የአንዱን ወደ ሌላው ያሻግራል፣ በቅን ልቦናም ጭምር።

ከዚያ ስልክ ነው። የሚጠየቁት እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሦስት ዓይነት ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። የከተማው ወይም የቀወት ወረዳ የአደጋ መከላከል ባለሙያ፣ ወንዙ ዳር የሚኖር ወይም የሚያርስ ሰው፣ በዚያን ቀን መንገዱን ያለፈ ሹፌር። የደሴው መንገድ በሸዋ ሮቢት ስለሚያልፍ ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ ከሰዓት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የደረሰ አውቶቡስ ስለ ድልድዩ ከማንም የተሻለ ምስክር ነው።

አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «እትዬ፣ ጎርፉ ድልድዩን ወሰደው አሉ፣ እውነት ነው?» ከተባሉ፣ ወሬውን እሳቸውም ፌስቡክ ላይ ሰምተውት ከሆነ «አዎ እንዲያ ሲሉ ሰምቻለሁ» ይላሉ፤ ያው ፖስት ተመልሶ ማስረጃ መስሎ መጣ ማለት ነው። «ትናንት ማታ የት ነበሩ? ውኃው እስከ የት ደረሰ? እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ምንድን ነው?» ቢባል ግን ያዩት ከሰሙት ይለያል። ፎቶው ለተጠያቂው የሚላከው ይህ ከተመለሰ በኋላ ነው፣ ቀድሞ አይደለም።

ስልክና ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን ይህ እርምጃ ላይሳካ ይችላል። ያኔ ሪፖርቱ ስለ ፎቶው ብቻ ይናገራል፤ ስለ ጎርፉ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ያቆማል።

ለለጠፈው ሰው ዕድል ተሰጠው?

ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ግዴታ ነው። መልእክቱ ክስ አይሆንም፤ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ነሐሴ ላይ የለጠፉት የጎርፍ ፎቶ በ1998 በድሬዳዋ የተነሣ ሆኖ አግኝተነዋል። ፎቶውን ከየት እንዳገኙት ቢነግሩን በሪፖርታችን እንጠቅሰዋለን።» በተደጋጋሚ የሚመጣው መልስ «ለማሳያ ነው የተጠቀምኩት» የሚል ነው። ለማሳያ የቆየ ፎቶ መጠቀም ነውር የለውም፤ ግን «ከማኅደር፦ ድሬዳዋ፣ 1998» የሚል ጽሑፍ ፎቶው ላይ ያስፈልጋል። «ዛሬ ሌሊት» ከሚል ጽሑፍ በላይ የተቀመጠ ፎቶ ለማሳያ አይደለም።

ፍርዱ ለምን «ሐሰት» ሳይሆን «ከአውድ ውጪ» ሆነ?

ፎቶው አልተፈበረከም፤ የታየው ጥፋት በእርግጥ ደርሷል። ያልተገባው ስሙና ቀኑ ነው። «የሐሰት ፎቶ» ቢባል የድሬዳዋው ጎርፍ ራሱ ያልነበረ ይመስላል። «ድልድዩ ተወሰደ» የሚለው ግን ሐሰት ተብሏል፤ ለእሱ የሚያሻማ ነገር የለም። «ሮቢ ሞልቷል» የሚለው ደግሞ እውነት ተብሎ ተጽፏል፣ ያውም ከሌሎቹ በፊት፣ ዳር ያሉ ሰዎች ውኃው የለም ብለው እንዳይዘናጉ።

ፎቶው ሪፖርቱ ውስጥ ሲገባ ሙሉ ለሙሉ የሚያልፍ ቀይ መስመርና «የቆየ ፎቶ፣ ድሬዳዋ 1998» የሚል ጽሑፍ ተደርጎበታል። ጽሑፉ ጥግ ላይ ከሆነ በአንድ ክርከማ ይወገድና ፎቶው ሦስተኛ ዙር ይጀምራል። ሊንኩም ወደ ማኅደሩ ቅጂ ነው የሚወስደው፣ ወደ ዋናው ፖስት አይደለም።

ሁሉንም ሞክሬ ምንም ባይገኝ ፎቶው አዲስ ነው ማለት ነው?

አይደለም። የፍለጋ ሞተር ያልደረሰባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፦ የተዘጋ ግሩፕ፣ የቴሌቪዥን ቪዲዮ፣ የታተመ ጋዜጣ። በተለይ ፎቶው ከቪዲዮ ላይ የተቆረጠ ከሆነ የምስል ፍለጋ ብዙውን ጊዜ አይይዘውም። ያኔ አንሺውን መፈለግ ይቀራል። «አንተ ነህ ያነሣኸው? ከሆነ ከሱ በፊትና በኋላ ያነሣኸውን ላክልኝ፤ በፋይል አድርገህ።» ቦታው ላይ የነበረ ሰው ስልኩ ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ አይኖረውም።